ማሽኑ ያላነበባቸው መስመሮች

ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ዘመን፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ ታቅፌ ነው። የጎደለ ገጽ ያናድደኛል።

ነቀምቴ በአንድ የነርሶች ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ አንድ መምህር ስላይዶቹን ሳይተውልን ሄደ። የቀረን የትምህርቱ ቪዲዮ ብቻ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያችን ከቪዲዮው በየአሥር ሰከንዱ አንድ ምስል እየወሰደ፣ በምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማሽን አስነብቦ ለተማሪዎች ማስታወሻ አዘጋጀ።

ከመባዛቱ በፊት ከቪዲዮው ጋር አስተያየሁት። የሕፃናት የመድኃኒት መጠን በሚለው ርዕስ ሥር አንድ መስመር ብቻ አለ። «በቀን ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም» የሚለው የለም።

«አዴ፣ ማሽኑ ያየውን ነው ያነበበው» አለኝ ባለሙያው፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት እየጠራኝ።

«እንዳያይ ያደረግኸው አንተ ነህ።»

መምህሩ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየጨመረ ነበር የሚያሳየው። ባለሙያው ግን ተመሳሳይ ምስል እንዳይደጋገም ብሎ የመጀመሪያውን ብቻ እየያዘ የቀሩትን አስጥሏል። መስመሮቹ ሁሉ ያሉበት ደግሞ የመጨረሻው ምስል ነው።

«ተማሪ እንደ እርስዎ እያንዳንዷን መስመር አያነብም እኮ፣ አዴ» ብሎ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። «ነገ ሕፃኑን የሚያክሙት እነሱ ናቸው» አልኩት። የመጨረሻውን ምስል እየያዘ እንደገና እስኪያስነብብ ድረስ የማባዣውን ክፍል ቁልፍ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።