ለሐዋሳው ጉባኤ የጻፍኩት እምቢታ

ከአንበሳሜ እስከ ገሳይ እንደኔ ኮርቶ እምቢ ማለት የሚችል ሰው አልተፈጠረም። አንድ ጊዜ እምቢ ብያለሁ። ደብዳቤውን ስጽፍ ግን እንባዬ ኮምፒውተሩን አበላሽቶት ነበር ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሐዋሳ ላይ በሚካሄድ የአፈር ጥበቃ ጉባኤ ቁልፍ ንግግር እንዳቀርብ ተጋበዝኩ። በማስተማር ካረጀሁ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ጥሪ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሰላምታ የሰጠኝ ሁሉ ሰምቶታል፤ ያልሰማውንም አስቁሜ ነግሬዋለሁ። ከዚያ መርሐ ግብሬን ከፈትኩ። ጉባኤው የዋለው የብሎክ ኮርስ፣ ሙሉው ትምህርት በአንድ ሳምንት ተጠቅልሎ የሚሰጥበትን፣ በማስተምርበት ሳምንት ላይ ነው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ቢሮ ሮጥኩ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ በልመና ግን አትረታም።

«ተማሪዎቹ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ናቸው» አለችኝ። «መሥሪያ ቤታቸው የፈቀደላቸው ይህችን ሳምንት ብቻ ነው። አንተ ከሄድክ ኮርሱ ለከርሞ ያድራል፣ ምርቃታቸውም አብሮ።»

«ሰው ይተካኝ።»

«ኮርሱን የሚያውቀው ሌላው መምህር ውጭ አገር እየተማረ ነው። ራስህ አይደለህ አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘኸው?»

«በኢንተርኔት ንግግሩን ላቅርብ።»

በመስኮት ወደ ሰማዩ አየች። እዚህ ሰማይ ሲያጉረመርም ኔትወርኩ ቀድሞ ይሸሻል።

ጻፍኩ። ሙሉ ገጽ ሆነ። ስለ ክብሩ አመሰገንኩ፣ ስለ ሐዘኔ ተረኩ፣ የተማሪዎቹን ችግር ዘረዘርኩ። ደብዳቤው በትምህርት ክፍሉ በኩል ስለሚወጣ ለኃላፊዋ አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው።

«ዶክተር፣ ይሄ እምቢ አላለም። ቀን ቀይሩልኝ እያለ ነው።»

«ቢቀይሩስ?»

«ሦስት መቶ ሰው ተጠርቶ? ሌላ ተናጋሪ መፈለግ አለባቸው። ሰዎቹን አታንጠልጥላቸው።»

ያቺን አንድ ተስፋዬን ራሴው ሰረዝኳት። የቀረው ይህ ነው፦ «በተጠቀሱት ቀናት የማስተማር መርሐ ግብር ስላለኝ በጉባኤው ተገኝቼ ንግግር ማቅረብ የማልችል መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ።» ላክሁት። እንደሚለምኑኝ ስለጠበቅሁ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ዋልኩ። መልሱ በማግስቱ ደረሰ፤ ምክንያቴን እንደተረዱትና ሌላ ሰው እንዳገኙ የሚገልጽ። ለስለስ ያለ፣ ጨዋ ደብዳቤ ነው። ከዚያ የከፋ ነገር አንብቤ አላውቅም።

ጉባኤው በተከፈተበት ጠዋት ክፍል ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከእብናት የመጣ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

«መምህር፣ ዛሬ ሰርግ አለብዎት እንዴ?» አለኝ።

«ቀርቷል» አልኩት።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስለ እርከን አስተማርኩ፣ የጠመኔው ብናኝ እጅጌዬን እያነጣብኝ። ለሐዋሳው መድረክ ያሰፋሁትን ሱፍ ነበር የለበስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ንግግር አቅርብ ብሎ የጠራኝ የለም።