ያልተከፈተው ጥቅል

ፋናዬ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ደንበኞቿ ቀጠሮ የሚይዙት በቴሌግራም ስለሆነ በየወሩ የኢንተርኔት ጥቅል ትገዛለች። ባለፈው ወር ሂሳቧ ተቆረጠ፤ ጥቅሉ ግን አልተከፈተም። ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ ደጋግማ ብትደውልም "ይስተካከላል" ከማለት በቀር ያስተካከለላት የለም።

ስለዚህ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈች። ሂሳቡ መቆረጡንና ጥቅል እንደሌላት የሚያሳየውን ስክሪንሾት አሳትማ አያያዘችና ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለው የቴሌኮም ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄደች።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ናዲያ ወረፋውን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እህቴ፣ ለዚህች ብር ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ጥቅሉን ከራሴ ስልክ ልላክልሽና ይለቅ።"

"አንቺ መች ወሰድሽብኝ? የወሰደው ድርጅቱ ነው፤ እሱ ይመልስ። ደብዳቤዬን ተቀበዪና ኮፒው ላይ ማኅተም አድርጊልኝ።"

"ኧረ ቶሎ በይ!" አለ ከኋላዋ የቆመ ሰው።

"ማኅተሙ ሳይመታ ንቅንቅ አልልም!"

ናዲያ ቅሬታውን ኮምፒውተር ላይ መዘገበች፤ የቅሬታ ቁጥሩን ኮፒው ላይ ጽፋ ማኅተሙን መታችበት።

በሳምንቱ ተደወለላት። ሂሳቡ ተቆርጦ ጥቅሉ አለመከፈቱ ተረጋግጧል፤ ብሯም ተመልሷል።

"ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን" አለ ደዋዩ።

"ኧረ እኔ አልታገስኩም" አለችው ፋናዬ፣ የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች። "ተከራክሬ ነው ያስመለስኩት።"