ሳይቀነጠስ የተመዘነ ደመወዝ

ግትር ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እናቴም ሚስቴም በየተራ የነገሩኝ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የበርበሬ ማዘጋጃ ፋብሪካ የሰው ሀብት ተጠባባቂ ኃላፊ ሆኜ በሠራሁበት ዓመት ግን ግትርነቴ መጀመሪያ የቆመው ከስህተቱ ጎን ነበር።

ፋብሪካው ከማረቆና ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ ይረከባል፣ ያጣራል፣ ይፈጫል፣ አሽጎ ይልካል። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ የደመወዝ ጭማሪ አሠራር ከላይ ወረደልን። ከዚያ በፊት ጭማሪ የሚባለው ወይ ለሁሉም እኩል የሚታደል፣ ወይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ደስ ያለው ዕለት የሚሰጥ ነገር ነበር። አዲሱ ግን ሰንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ በሌላው በኩል ኮምፓ ሬሾ የሚባል ቁጥር ተቀምጧል። የአንድን ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዝ ትወስዳለህ፣ ለሥራ ደረጃው ለተመደበው መካከለኛ ደመወዝ ታካፍለዋለህ፣ በመቶ ታባዛዋለህ። መቶ ከመጣ ሰውየው ልክ መካከሉ ላይ ነው ማለት ነው። ከመቶ ካነሰ ገና ይቀረዋል፣ ከበለጠ አልፎታል። ሁለት ሰዎች እኩል ውጤት ቢያመጡ በደረጃው ዝቅ ብሎ የሚከፈለው በመቶኛ ከፍ ያለ ጭማሪ ያገኛል፣ ከፍ ብሎ የሚከፈለው ደግሞ ቀስ እያለ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ሁለት ቀን ሠልጥኜ ስመለስ ይህን ነገር እኔ የፈለሰፍኩት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ነበር። የሠራተኞቹን ዝርዝር ሞልቼ ላክሁ፣ እዚያ አስልተው መለሱልኝ፣ ደብዳቤዎቹን አደልኩ።

በማግስቱ ጠዋት የጥራት ክፍሏ ተጠባባቂ ኃላፊ ቢሮዬ ገባች። የመስቃን ሴት ናት፣ በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ አስራ አንድ ዓመት በርበሬ ስትመርጥና ስትመዝን የኖረች። በርበሬ እፍኝ ሙሉ አንስታ እርጥበቱን በጣቷ ትነግርሃለች፤ መሣሪያው በኋላ ያንኑ ይደግመዋል። ኃላፊው ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቦታውን ይዛ የምትሠራው እሷ ነች። ሹመቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ተጠባባቂ እንደሆነች ቀርታለች።

ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አንዱ የጭማሪ ደብዳቤዋ ነው፤ አምስት በመቶ ይላል። ሌላው በእጅ የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ ነው።

"ውጤቴ ስንት ነው?" አለችኝ።

"እጅግ በጣም ጥሩ፤ ከሁሉም በላይ ነዎት።"

"አምና ገብታ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ስንት አገኘች?"

የሌላ ሰው ጭማሪ አይነገርም። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ ልጅቷ ራሷ ነግራታለች። አስራ አንድ በመቶ።

አስረዳኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዴት እንዳስረዳኋት ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ቀስ ብዬ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ በደረጃዎ ውስጥ ከፍ ብለው ስለሚከፈሉ ነው፣ ልጅቷ ዝቅ ብላ ስለጀመረች ነው፣ ሰንጠረዡ አያዳላም አልኳት። እንዲያውም የእኔም ጭማሪ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ያለ ቅሬታ መቀበሌንም ጨመርኩላት። እውነት ነበር፤ እኔም ደህና ውጤት ይዤ አራት በመቶ ነበር የደረሰኝ፤ አፌን ይዤ መቀበሌን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "ቁጥሬን አሳየኝ" አለች።

"አይቻልም፤ ሥራ አስኪያጁ ሰንጠረዡ እንዳይታይ ብለዋል።"

"የሰው አላልኩህም። የራሴን። እኔ ገበሬውን በርበሬህ ሦስተኛ ደረጃ ነው ስለው ናሙናውን ፊቱ ዘርግቼ ነው። ዘግቼ ብነግረው ወላሂ ጆንያውን አንስቶ ይሄዳል። ካላሳየኸኝ ይህን ፈርምልኝ።" መልቀቂያውን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

ይህች ሴት ከወጣች ፋብሪካው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከዚያ ይልቅ ግን ያናደደኝ ትክክል መሆኗ ነው። የሌሎቹን መስመር በወረቀት ሸፍኜ የእሷን ብቻ ኮምፒዩተሩ ላይ አሳየኋት። ደመወዝ 11,800። የደረጃው መካከለኛ 10,000። ኮምፓ ሬሾ 118።

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙም አልቆየችም።

"ይህ ደመወዜ አይደለም።"

"ደመወዝዎ ነው እንጂ፤ በየወሩ የሚገባልዎት።"

"ደመወዜ 9,800 ነው። ሁለት ሺው የተጠባባቂነት አበል ነው፤ ሰው ሲሾም የሚቆም። አንተ ሳትቀነጥስ ነው የመዘንከኝ።"

ናሙና ሲመዘን መጀመሪያ የበርበሬው ጭራ ይቀነጠሳል፣ አሸዋው ይራገፋል፣ ከዚያ ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው። ጭራውን በርበሬ ብሎ የመዘነ ሰው የሚጽፈው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። በደመወዝ መክፈያው ላይ የተጠባባቂዎች አበል ከደመወዛቸው ጋር ተደምሮ ነበር የሚጻፈው። ዋናው መሥሪያ ቤት "መሠረታዊ ደመወዝ" ብሎ ሲጠይቀኝ ያንን ድምር ገልብጬ ላክሁ። አበሉ ሲወጣ 9,800 ለ10,000፣ ዘጠና ስምንት። በእሷ ውጤት ሰንጠረዡ ለዘጠና ስምንት የሚሰጠው አስር በመቶ ነው፤ በላክሁት ቁጥር ግን ኮምፓ ሬሾአቸው ከ105 በላይ የሆኑት ተርታ ውስጥ ገብታ በአምስት ቀርታለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። ማለቱ ከበደኝ፤ ግን አልኩት። "መልቀቂያውን ለአንድ ሳምንት እኔ ጋ ይተዉት።"

"ሳምንት" አለችና ወጣች።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ። ደብዳቤ ከታደለ በኋላ የሚነካ ነገር የለም አለኝ። ካስፈለገ ለእሷ አንድ ጊዜ የሚከፈል ጉርሻ እንስጣትና ዝም ትበል አለ። ጉርሻ ዛሬ ተበልቶ ያልቃል፣ ጭማሪ ግን መሠረታዊ ደመወዝ ውስጥ ገብቶ የከርሞው ጭማሪ በእሱ ላይ ይሰላል አልኩት። ሌሎችም ተጠባባቂዎች አሉ፣ ሁሉም በዚሁ ስህተት ተጎድተዋል አልኩት። ስንት ናችሁ አለኝ። አራት፤ እሷ፣ የጥገናው ኃላፊ፣ ወልቂጤ ያለው የመጋዘን ኃላፊ፣ እና እኔ።

"እ" አለ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። "ታዲያ ለራስህ ነው የምትሮጠው በለኛ።"

ያቺ ቃል ወጋችኝ። ቤቴ ገብቼም አልለቀቀችኝም። በመጨረሻ ቆረጥኩ፤ ለሦስቱ እሟገታለሁ፣ የራሴን መስመር ግን አልነካም። ያኔ ማንም አፉን አይከፍትብኝም። ውሳኔው ትልቅ ሰው የሆንኩ እንዲመስለኝ አደረገ።

ሐሙስ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቡኢ ላይ ተሳፋሪ ለመሙላት ቆመን ሳለ ወረቀቶቼን እንደገና ደመርኩ፤ ጥያን ስናልፍም እየደመርኩ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው የደመወዝና ጥቅማጥቅም ኃላፊ ቀዝቃዛ ሴት ናት፤ ከሥልጠናው ጀምሮ እፈራታለሁ።

"በጀቱ ተዘግቷል" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። "ለከርሞ ይታያል።"

"ለከርሞም እኮ ይኸው ድምር ይመጣል፤ እስከዚያም ያጡት አይመለስም" አልኳት። "ሥልጠናው ላይ ለማስተካከያ የተያዘ መጠባበቂያ አለ ብለውን ነበር። የእኔ ስህተት ማስተካከያ ካልተባለ ምን ይባላል?"

"መጠባበቂያው ለይግባኝ ነው።"

"ይኸው ይግባኝ አልኩ።"

አልተነሳሁም። የቅጥር ደብዳቤዎቹን፣ የተጠባባቂነት ደብዳቤዎቹን፣ የመክፈያውን ቅጂ አንድ በአንድ ዘረጋሁላት። ለምሳ ወጣች፤ ስትመለስ እዚያው ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ማሽኗን አወጣችና ራሷ ማካፈል ጀመረች። የሦስቱን የማስተካከያ ደብዳቤ ፈረመች። ደብዳቤዎቹን ይዤ ስወጣ "ሌላ ተጠባባቂ የለም?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ።

በማግስቱ የጥራት ክፍሏን ሴት ጠርቼ ደብዳቤዋን ሰጠኋት። አስር በመቶ። አነበበችው፣ ፈገግ አለች፣ አልሐምዱሊላህ አለች። እስክሪብቶውን አንስታ ልትፈርም ስትል ቆመች።

"ያንተስ?"

"የእኔ ይቆይ።"

"ለምን ይቆያል? አንተም ተጠባባቂ ነህ፤ ያንተም ሳይቀነጠስ ነው የተመዘነው።"

ለራሱ ነው የሚሮጠው እንዳልባል ነው አልኳት። የጎደለብኝ እኔ ነኝ፣ ማንንም አልበደልኩም አልኳት። ድምፄ ውስጥ ያለውን ኩራት እሷም ሰምታዋለች ብዬ አስባለሁ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

"ስማኝ ወንድሜ። አራት ናሙና መጥቶልኝ ሦስቱን ቀንጥሼ አራተኛውን ከነጭራው ብመዝነው፣ ያንን ሚዛን ማን ያምነዋል? አራተኛው የአጎቴ ልጅ በርበሬ ነውና ሰው ያማኛል ብዬ ልተወው?"

"የሚጎዳው እኔ ነኝ እኮ!"

"ማን ይጎዳል አላልኩህም። ሚዛኑ ልክ ነው ወይ ነው ያልኩህ።" ደብዳቤዋን አጣጥፋ መልሳ ሰጠችኝ። "ያንተ ካልተስተካከለ እኔ አልፈርምም። ሰው ወሬ እንዳያወራ ብሎ ቁጥር የሚያጣምም ሰው ነገ የእኔንም ያጣምማል።"

አፈርኩ። ትልቅነት ያልኩት ነገር ፍርሃት ነበር፣ ያውም ውሸት የተጨመረበት። እሷ ፊቴ ተቀምጣ እያለች ስልኩን አንስቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። አራተኛ ሰው አለ፣ እሱም እኔ ነኝ፣ ትናንት የለም ያልኩት ዋሽቼ ነው አልኩ። ኃላፊዋ "ወረቀቱን ላኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሁለተኛ እንዳይደገም" ብላ ዘጋችው።

ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዬ ያለውን አለ። ሌሎችም አሙኝ። ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማኋቸው፣ ሥራዬንም ቀጠልኩ።

የእኔ ደብዳቤ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ የእሷ ደብዳቤ ሳይፈረም፣ መልቀቂያዋም ከሥሩ ሆኖ መሳቢያዬ ውስጥ ቆየ። ስጠራት ከመመዘኛው ክፍል በቀጥታ መጣች፤ እጇ ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበረ። መጀመሪያ የእኔን ተቀብላ አነበበች። መሠረታዊ ደመወዜን ለደረጃዬ መካከለኛ በስልኳ አካፈለችና ደብዳቤው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳከረች። ከዚያ የራሷን ፈረመች፣ መልቀቂያዋን ቀዳድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ ናሙና እየጠበቃት እንደሆነ ነግራኝ ወጣች።