የእህቴ የሮማ ብር

በታላቅ እህቴ እቀና ነበር። ዛሬ ስላረጀሁ ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው፤ ያኔ ቢጠይቁኝ «እኔ? በገዛ እህቴ?» ብዬ ፊቴን አዞር ነበር። ቅናቴ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ምክንያት ነበረኝ።

በንጉሡ ጊዜ እዚሁ ናዝሬት አንዲት ጣልያን ሴት ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ሴትዮዋ ጠቅልላ ወደ አገሯ ስትገባ «ልጅሽን ስጪኝ፣ ሮማ ሰው ቤት ሥራ አስገባታለሁ» አለችኝ። እኔ «ልጄን ለባዕድ አልሰጥም» ብዬ ተኩራራሁ። ሴትዮዋም ሳትውል ሳታድር የእህቴን ልጅ ጠየቀች፣ እህቴም እያለቀሰች እሺ አለች። የእህቴ ልጅ ሮማ ሄደች። የእኔዋ አርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ አግብታ፣ በዓመት አንዴ እጇን እያወዛወዘች እየመጣች ጓዳዬን አራግፋ የምትሄድ ሆነች።

ደርግ ከገባ በኋላ የእህቴ ባል ሞተ። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብላ ካለችው ሱቋ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨው፣ የኩራዝ ጋዝ ትሸጣለች። የልጇ ብር ግን በየወሩ ይመጣል። አንድም ወር ዘሎ አያውቅም። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ባንክ ስትሄድ እስክትሰወር ድረስ በዓይኔ እከተላት ነበር። ያ ብር በእኔ ስም ይመጣ ነበር እኮ እል ነበር ለራሴ፤ የእኔ አፍ ነው ያባረረው።

የባሰው ነገር ደብዳቤውን የማነብላት እኔ መሆኔ ነው። እህቴ መሠረተ ትምህርት ተምራ ሰርተፊኬት ተቀብላለች፣ ስሟን ትጽፋለች፣ የልጇ የተጠላለፈ የእጅ ጽሕፈት ግን አይገባትም። «ምን ትላለች?» ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች። እኔም አነባለሁ። እውነቱን ልናገርና ሁሉንም አላነብላትም ነበር። «እማዬ፣ ጠረንሽ ይናፍቀኛል» የምትል ዓይነት መስመር ላይ ስደርስ ወደሚቀጥለው እዘላለሁ። ብሩ አይበቃትም እንዴ እል ነበር።

እኔ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እሸጥ ነበር፣ ፈቃድም ነበረኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ወደ ሮማ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እህቴ ለልጇ በርበሬ ትልካለች። አንድ ዓመት እኔም ከራሴ በርበሬ ጨመርኩና «ለሐበሻ ጓደኞችሽ ሽጪልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ልጅቷ ሸጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የበርበሬዬ ዋጋ በእናቷ ስም ይመጣል፣ እህቴም አንድ ሳንቲም ሳታጎድል አምጥታ እጄ ላይ ታስቀምጣለች። እሷ ከዚህ ገንዘብ አንዲት ነገር ነክታ አታውቅም። እኔም ለመንግሥት ተናግሬው አላውቅም።

አንድ ዓመት ገማቾች ገበያ ወጡ። የሒሳብ መዝገብ የሌለን ትንንሽ ነጋዴዎች የቀን ሽያጫችን የሚታወቀው በግምት ነበር፤ ከግብር መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ከቀበሌ ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ ዕቃውን ያያሉ፣ በቀን ይህን ያህል ትሸጫለሽ ብለው ይጽፋሉ። እኔን አንድ ኩንታል በርበሬ አስዘርግፈው ያዩና የማልሸጠውን ጻፉብኝ። ደሜ ፈላ። «እኔን ድሃዋን ምን ትገምቱኛላችሁ፣ እዚያ ጣቢያው ጋ በየወሩ የሮማ ደሞዝ የምትበላ አለች አይደል» አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው። አንደኛው ቀና ብሎ «ማናት?» አለኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። በጣቴ አሳየሁት።

በወሩ ለእህቴ የግብር ውሳኔ ደረሳት። ይዛልኝ መጣችና አነበብኩላት፤ ከሱቁ ሽያጭ ሌላ «ከውጭ አገር በየወሩ የሚገኝ ገቢ» ተብሎ የዓመቱ የሮማ ብር ተደምሮባታል። በወረቀቱ ላይ ያለው ግብር የሱቋን ዕቃ ሁሉ ብትሸጥ የሚወጣ አልነበረም። ሠላሳ ቀን ውስጥ ካልከፈለች ወይም ቅሬታ ካላቀረበች ሱቁ ይታሸጋል። እህቴ እግሯን አጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሱቄ ከታሸገ እኔ የልጄ ጥገኛ ሆንኩ ማለት ነው» አለች። «አንድ ወር ቢቀርባት፣ አንድ ወር ብትታመም፣ ምን እበላለሁ?»

አላለቀስኩም። ያቺን ቅጽበት እንኳ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየም። ቅሬታውን ጻፍኩላትና አብረን ሄድን።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያነጋገረን አጭር እጅጌ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነበር። «እናቴ፣ ብሩን የሚልክልዎ ማነው?» አላት።

«ልጄ ናት።»

«ምን ሠርተውላት ነው የምትልክልዎ?»

እህቴ ግራ ገባት። «ወልጃት» አለች።

ሰውየው ሳቀ፣ ከዚያ በትዕግሥት አስረዳን። በየወሩ መምጣቱ ብቻውን ገቢ አያደርገውም አለ፤ ገማቾቹ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ልጅ እናቷን ልትጦር የምትልከው፣ በምትኩ ሥራም ዕቃም ያልተሰጠበት ገንዘብ ስጦታ ነው፣ በየወሩም ይምጣ በየዓመቱ። «በዚያ ብር ሳሙና ገዝተው ሱቅዎ ውስጥ ከሸጡ ግን የሳሙናው ትርፍ ግብር አለበት፣ እሱ ደግሞ በቀን ሽያጭዎ ውስጥ ተገምቷል» አላት። ግብር የሚነካው የሮማው ብር የአንድ ነገር ዋጋ ሲሆን ነው፤ የሥራ ክፍያ ወይም የተሸጠ ዕቃ ሒሳብ ከሆነ። «ልጅዎ መሆኗን ከቀበሌ፣ የላከችውን ከባንክ ያስጽፉ» አለ፣ «ደብዳቤዎችም ካሉ ይዘው ይምጡ።»

እዚህ ላይ እኔ በልቤ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። የባንኩ ወረቀት ሲመጣ በየወሩ አንድ ዓይነት ብር፣ ለገናና ለፋሲካ ሰሞን ግን ከፍ ያለ ገንዘብ እንደሚያሳይ አውቃለሁ። ያ ጭማሪ ስጦታ አልነበረም። ዋጋ ነበር። የእኔ በርበሬ ዋጋ።

እህቴ የዓመቱን ደብዳቤዎች በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «የሚጠቅመውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምረጪልኝ» ብላ ሰጥታኝ ወደ ሱቋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ዘልዬ ያለፍኳቸው መስመሮች ሁሉ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «እማዬ፣ ይህ ብር ትንሽ ነው፣ አትናቂብኝ።» «እማዬ፣ ብርድ ሲሆን የሚሞቅሽ ነገር ግዢበት።» ሁለቱ ደብዳቤዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለባቸው፦ «የአክስቴ በርበሬ አልቋል፣ ስድስት ሰው ገዝቶኛል፣ ዋጋውን ጨምሬ ልኬዋለሁ።» ከሰሉ አጠገቤ ነበር። ሁለቱን ለየኋቸውና አላቃጠልኳቸውም፣ ከሌሎቹም ጋር አልመለስኳቸውም። ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ወሸቅኳቸው። ምን እንደማደርጋቸው ያኔ አላውቅም ነበር።

የቀበሌው ደብዳቤና የባንኩ ወረቀት ሲደርስልን ተመልሰን ሄድን። ሰውየው ደብዳቤዎቹን ጊዜ ወስዶ አነበበ። «ጥሩ» አለ። የየወሩን ብር በእርሳስ እየነካ ሰረዘ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ። «እነዚህ የገናና የፋሲካዎቹስ? ለምንድነው የበዙት?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እህቴ ግን ቶሎ ብላ «በዓል ነዋ» አለች፣ «ልጄ ለበዓል ጨምራ ትልክልኛለች፣ እሱም ስጦታ ነው።» እህቴ ውሸት አትችልበትም፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሰውየውም አየ። «ለሌላው ወር ሁሉ ደብዳቤ አለ፣ ለእነዚህ የለም። ምንጩን የሚያሳይ ነገር ካላገኘሁ እንደ ገቢ እይዝብዎታለሁ፣ የሱቁ ውሳኔም በዚያው ይጸናል» አላት።

እህቴ ወደኔ አልዞረችም። ብትዞርና በዓይኗ ብትለምነኝ ኖሮ፣ እልኸኛ ነኝና፣ ዝም እል ነበር ይመስለኛል። ነጠላዋን ይዛ ተቀመጠች። እጄን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ሰውየው ፊቱን አዞረ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «የኔ ነው» አልኩት። «በርበሬው የኔ፣ ገንዘቡም የኔ። እሷ ተሸካሚ ናት።»

ሰውየው አነበበና የኔን ስም ጠየቀኝ። የእህቴን ውሳኔ ከሮማው ብር ነጻ አድርጎ የሱቁን ግብር ብቻ ተወላት። የበርበሬውን ዋጋ በእኔ ሒሳብ ጨመረው፣ ያልተናገርኩት ስለሆነም ቅጣት አለበት አለኝ። «ስለሰጡኝ ነው እንጂ ብደርስበት ከዚህ ይብስ ነበር» አለ። ልመርቀው ወይስ ልረግመው?

በጋሪ ተመለስን። ፈረሱ ያዘግማል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በመጨረሻ መደበቁን አልቻልኩትም። «እትዬ፣ ገማቾቹን ወዳንቺ የላኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሲመጡ ነው የነገሩኝ። ‹እህትሽ ናት ያሳየችን› አሉኝ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ደብዳቤዎቹን ለኔ ሰጠሽኝ?»

«ሌላ ለማን ልሰጥ?» አለች። ደግሞም መንገዱን እያየች፣ «አንቺ ዘልለሽ ስታነቢ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ደብዳቤው ሁለት ገጽ ይሆናል፣ አንቺ ግን ቶሎ ትጨርሻለሽ። ሌላውን ለራሴ እገምተው ነበር።»

ወር ሲገባ የሮማው ብር መጣ። እህቴ ከባንክ በቀጥታ ቤቴ መጥታ፣ የቅጣቴን ልክ ቆጥራ፣ መሶቡ ላይ አስቀመጠችልኝ። ብድር ነው አላለች፣ መልሺ አላለች። ገንዘቡን ሳይ ያ የድሮው ቅናት እንደገና ተነሳብኝ፤ አሁን ግን በብሩ አልነበረም። እንዲህ አድርጎ መስጠት መቻሏ ነው ያስቀናኝ። ተቀበልኳት። ምንም ሳልሰጣት ነው የተቀበልኩት፣ እሷም እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሳችብኝም።