ድርና ማጉን አሳየኝ

ፋናዬ ጨርቅ የምታውቀው በጣቷ ነው። ዐይኗን ጨፍና ጠርዙን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸት ስታደርገው፣ ሳቲኑን ከሊነኑ፣ ጂንሱን ከፖፕሊኑ ለይታ ትነግራችኋለች። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከጉምሩኩ መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ማሽኗን ከተከለች ስድስት ዓመቷ ነው። ሱሪው የጠበበው ሾፌር፣ የሠርግ ቀሚሷ ያስቸኮላት ሙሽራ፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ያን ማክሰኞ ረፋድ ግን ጣቷ ምንም አልፈየደላትም። የመጣላት ጨርቅ ስልክ ውስጥ ነበር።

ፎቶውን የላከላት ኡመይር ነው፤ በመተማና በሽንፋ መሐል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር። ከፎቶው ጋር ድምፁን ቀድቶ ልኮላታል።

«ፋናዬ፣ በአላህ አትደንግጪ። ወንዙ ሞልቶ አንድ ሰው ወስዷል። ፊቱ አይለይም ነበር አሉ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ የመንደሩ ሰው ወዲያው ቀበረው። ለምልክት ብለው ከሸሚዙ ቆርጠው አስቀርተዋል። አረንጓዴ ነው። ወንድማገኝን አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሶ ስላየሁት ነው የላክሁልሽ።»

ወንድማገኝ ባሏ ነው። ለሰሊጥ አረም ወደ ሽንፋ ወንዝ ማዶ ከተሻገረ አሥራ ሁለት ቀኑ፤ ስልኩ ከተዘጋ ደግሞ ዘጠኝ። አረንጓዴውን ሸሚዝ የሰፋችለት ራሷ ናት። ሊነን ነው፣ ፀሐዩ እንዳይከብደው ብላ። ከተረፈው ቁራጭ ለአራት ዓመቷ ልጃቸው ለእስከዳር ጉርድ አውጥታላታለች።

እግሯ ከማሽኑ መርገጫ ላይ ወረደ። መንገዱን ተሻግራ ሐሚዳ ሱቅ ገባች። ሐሚዳ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የሚመጣ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ናቸው፤ ያን ሊነን የቆረጡላትም እሳቸው። ሐጅ ስለሄዱ ሰው ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል።

«ሐጃ፣ ይቺን ይዩልኝ።» ስልኩን ዘርግታ የኡመይርን ድምፅ አሰማቻቸው።

ሐሚዳ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ፋናዬ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። አረንጓዴው ሲሰፋ፣ ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ የሚሄዱ መስመሮች ብቅ አሉ።

«ሰያፍ ነው!» ጮኸች። «ሐጃ፣ እንደ ጂንስ ሰያፍ ነው! የሱ ሊነን ነው፤ ሊነን ሰያፍ የለውም። አንዱ ክር በላይ፣ አንዱ በታች፣ በቃ። የሱ አይደለም!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሐሚዳ አልሳቁም። «ቆይ ልጄ። የጂንስ መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ እኩል እኩል ይሄዳል። ይኼ ግን እንደ ውኃ ይጠማዘዛል። እስቲ አሳንሺው።»

አሳነሰችው። መስመሮቹ ቦታ ቀየሩ፤ እዚያ የነበረው ሰፋ፣ እዚህ ያልነበረው መጣ።

«የጨርቅ መስመር እንዲህ አይዘዋወርም» አሉ ሐሚዳ። «ኡመይር ይህን ያነሳው ከጨርቁ ላይ ነው ወይስ ከሰው ስልክ ላይ?»

ደወለችለት። ከስልክ ላይ ነበር። አንድ እረኛ ያነሳውን ፎቶ፣ መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ መላክ ቢያቅተው፣ ኡመይር በራሱ ስልክ ከእረኛው ስልክ መስታወት ላይ አንስቶት ነው።

ሐሚዳ ወደ ደጅ ተጣሩ። «እስከዳር! ነይማ የኔ ልዕልት፣ ጉርድሽን ላንሳው።» የልጅቷን ጉርድ በራሳቸው ስልክ አነሱ፤ ከዚያ ፋናዬ ያንን ፎቶ በሷ ስልክ ከመስታወቱ ላይ አነሳችው። አሰፋችው። በሊነኑ ላይ፣ አንድም ሰያፍ በሌለበት በገዛ እጇ በሰፋችው ጨርቅ ላይ፣ ያው የሚጠማዘዝ መስመር ተጋድሞበታል።

መስመሩ የስልኩ እንጂ የጨርቁ አልነበረም።

ፋናዬ የጨርቅ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለች። ቅድም የተሰጣት ተስፋ ተመልሶ ተወሰደባት፤ ባይሰጣት ይሻል ነበር።

«እማ፣ ጉርዴ ምን ሆነ?» አለች እስከዳር።

«ምንም አልሆነ። አምሮ ነው።»

ሐሚዳ ስልኩን ተቀብለው ኡመይርን ራሳቸው አናገሩት። «ስማ አንተ፣ ነገ ሽንፋ ስትደርስ ጨርቁን ራስህ ያዘው። ከስልክ ላይ ብታነሳ እጅህን ነው የምቆርጠው! እጠበው፣ ይድረቅ። ፀሐይ ከጎን እንጂ ከአናት አትምታው። ካሜራውን ጥርት እስኪል አስጠጋ። ጠርዙንም አሳየኝ፣ አንድ ክር ስበህ። ድርና ማጉን አሳየኝ።»

«ሐጃ፣ እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ሸማኔ ነኝ እንዴ?»

«ዛሬ ሁን!»

ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ ፋናዬን ብትጠይቋት አትነግራችሁም። የአንድ ሰው ሱሪ በግልባጭ ሰፍታ ፈታችው። አየሁሽ የምትባል ጎረቤቷ ወሬውን ሰምታ መጥታ «የሱ አይሆንም፣ በእመቤቴ» ስትላት፣ ፋናዬ ከንፈሯን ነክሳ መርፌ ፈለገች። የእስከዳርን ጉርድ አጥባ አሰጣችው፤ ሳያስፈልግ፣ በፀሐይ እንደገና ልታየው። ክሮቹ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱ ቀጭን፣ አንዳንዱ ቋጠር ያለ። ይህን ቋጠሮ ነገ በፎቶው ውስጥ ካየችው፣ አለቀ።

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ፋናዬ ሐሚዳ ሱቅ ውስጥ ነበረች። መክፈት አቃታት፤ ሐሚዳ «ቢስሚላህ» ብለው ከፈቱት።

አረንጓዴው ያው ነው። 

«አስፊው ልጄ፤ የኔ ጣት አይታዘዝም።»

አሰፋችው። ቋጠሮውን ፈለገች። አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች ፈለገች። የለም። ጂንስ የሚመስል ሰያፍም የለም። ከላይ እስከ ታች፣ ረድፍ በረድፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ሹል ነገሮች ናቸው ያሉት፤ ጫፋቸው ወደ ታች። ይህን የት ነው የምታውቀው? ቀና ስትል እስከዳር ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ባለፈው እሑድ የሠራቻት ሹሩባ በማጅራቷ ወርዷል።

«ሹሩባ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሐጃ፣ ሹሩባ ሹሩባ ነው።»

«ሁለተኛውን ፎቶ አሳዪኝ።» የጠርዙ ነበር። የተቆረጠው ዳር ተጠቅልሏል፤ ኡመይር ክሩን የሳበበት ቦታ ቀለበት ቀለበቱ እየተፈታ እንደ መሰላል ተተርትሯል።

ሐሚዳ የተተረተረውን በጣታቸው አመለከቱ። «ይኼ ድርም ማግም የለውም። አንዱ ክር በሌላው ቀለበት ውስጥ እየገባ የተሠራ ነው፣ እንደ ሹራብ። ከነቴራ ነው ልጄ። ሸሚዝ አይደለም።»

«ወንድማገኝ አረንጓዴ ከነቴራ የለውም» አለች ፋናዬ። ደግማ አለችው። «ነጭ ብቻ ነው ያለው። እኔ ነኝ የማጥብለት።» ትናንት እንደጮኸችው ግን አልጮኸችም። ከወንዙ ማዶ ያለው ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

ኡመይር ደወለ። «እሺ? ሸማኔነቴ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። የኔ አይደለም።»

«አልሐምዱሊላህ! ወንዙም እየጎደለ ነው። ማዶ ያሉት ሠራተኞች ነገ ተነገ ወዲያ ይሻገራሉ እያሉ ነው።»

«ኡመይር፣ አትዝጋው።» ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «የሰውየውን ነገር ስታወራ ሸሚዝ አትበል። ለመንደሩ ሰዎችም ንገራቸው። አረንጓዴ ከነቴራ በሉ። የአንዷ ልጅ፣ የአንዷ ባል ነው፤ ሸሚዝ ከተባለ የኔ አይደለም ብላ ትቀመጣለች።»

«እሺ እህቴ። ከነቴራ።»

ፎቶውን አላጠፋችውም። መንገዱን ተሻግራ ማሽኗ ጋ ስትደርስ የወንድማገኝን ቁጥር ነካች፤ ያችው የቴሌ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» አለቻት። ስልኩን ክፍት እንዳለ መርፌ መሰኪያው ትራስ አጠገብ አስቀምጣ፣ እስከዳርን በጉልበቶቿ መሐል አስገብታ፣ የተፈታውን ሹሩባ ከማጅራቷ ጀምራ እንደገና መጎንጎን ያዘች።