ከጉለሌ የመጣ ይቅርታ

ከዚህ በታች የምጽፈውን እንደ ምስክር ቃል አድርጎ የሚወስድ አንባቢ እንዳይኖር አስቀድሜ አሳስባለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሰማሁትን ካሰብሁት፣ ያደረግሁትንም ላደርግ ካቀድሁት መለየት አልፎ አልፎ ይቸግረኛል። ስለዚህ ንግግሮቹን የማስቀምጠው እንደሚመስለኝ ነው። የማልጠራጠረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አንዲት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ የጻፈችልኝ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ ዓይኗን ለመታየት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ለጥር ዐሥራ ሰባት ጠዋት ቀጠሮ ተሰጥቷት ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም። እኔም አንድ ወዳጄ የነገረኝን፣ ከሆስፒታሉ ቁልቁል የሚገኝ ትንሽ ሆቴል ራሴ ደውዬ አገኘሁና ለዋዜማው፣ ለጥር ዐሥራ ስድስት፣ የምድር ቤቱን ክፍል ለአንድ ሌሊት ያዝሁ። በሆቴሉ ምድር ቤት ያለው መኝታ አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በደረጃ ነው።

«ራሴ ደውዬ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዓመት አብራን የምትኖረው ልጄ ልትከታተለኝ ጀምራ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒቴን በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ውጬ ተገኝቻለሁ። የጎረቤታችንን ልጅ በሟች አባቱ ስም ጠርቼዋለሁ። ልጄ አልተቆጣችኝም፤ ቁጣ ይሻለኝ ነበር። ብቻ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ቀጠሮውንም ስልኩንም ለእኔ ብትተውልኝስ?» አለችኝ። ዕድሜዬን በመምህራን ኮሌጅ ሳስተምር፣ የሌሎችን ስሕተት በቀይ ቀለም ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ። «ይህን ጉዞ ልምራው፤ ከተበላሸ ትረከቢኛለሽ» አልኋት። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የተጓዝነው የባለቤቴን ዓይን ብቻ ለማስመርመር አልነበረም፤ የእኔም አእምሮ እግረ መንገዱን ይመረመር ነበር።

ሆቴሉ ስንደርስ ከቀትር በኋላ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ወጣት ስሜን ሰምቶ ኮምፒውተሩን ተመለከተ፤ እንደገናም ተመለከተ።

«አባባ፣ የእርስዎ እኮ ትናንት ነበር» አለኝ። «ትናንት ሙሉ ቀን ስንጠብቅዎት ነበር። ክፍሉም ባዶውን አደረ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሌላ እንግዳ በኢንተርኔት ይዞት፣ ገብቶበታል። ፎቅ ላይ ግን አለን። ሁለተኛ ፎቅ።»

የምድር ቤቱ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ውስጡ ከቆምንበት ይታያል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ነጋዴ ነው፤ ከሆሳዕና አባቱን ለማስታመም እናቱን ይዞ እንደመጣ በኋላ ነገረን። ነገሩን ሰምቶ ወጣና፣ «አባቴ፣ እናንተ ግቡ፤ እኛ እንቻቻላለን» አለ። እንዴት እንደሚቻቻሉ አላውቅም፤ እናቱም ደረጃ የሚወጡ አይመስሉም ነበር።

እኔ በዚያ ቅጽበት ያደረግሁትን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ በጽሑፍ ተመልሶልኛል። «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ» አልሁ። ክፍሉን ለመያዝ የደወልሁ ዕለት ባለቤቴ ጓሮ ነበረች፤ ያልሁትን አልሰማችም። ስለዚህ ልትመሰክርልኝ አትችልም ነበር። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ዝም አለች። ከዚያ ለወጣቱ፣ «ሁለተኛ ፎቅ የምወጣው ተሸክመኸኝ ከሆነ ነው፤ ወገብህን ደግሞ አላምነውም» አለችው። ወጣቱ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ።

ሥራ አስኪያጇ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት። በመጀመሪያ ለባለቤቴ ወንበር አስመጣች፤ ቀጥላ ወጣቱን አዳመጠች፤ ነጋዴውን ደግሞ አመስግና ወደ ክፍሉ መለሰችው።

«እሱ እለቃለሁ ካለ ለምን አይሆንም?» አላት ወጣቱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለእሱም ቃል ሰጥተናል» አለችው። «አንዱን ቃል ለመጠገን ሌላውን አናፈርስም። ያጠፋነው እኛ ከሆንን የምንሯሯጠውም እኛ ነን።»

ስልክ ደወለች፤ ሁለት ቦታ ሞልቷል አሏት። በሦስተኛው፣ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ምድር ቤት ክፍል ነበረው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፦ ክፍል አለ መባሉ አልበቃትም። «ከመንገዱ እስከ አልጋው ድረስ ደረጃ አለ? አንድም? ደፉስ?» ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። ታክሲውን ጠርታ ራሷ አብራን መጣች፤ ከእኛ ቀድማ ገብታ መታጠቢያ ቤቱን አየች። የዋጋውን ልዩነትና የታክሲውን ወጪ ሆቴሉ እንደሚሸፍን ለማረፊያው ባለቤት ነግራ፣ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ የሚወስደንን መኪናም አዘዘች።

ስትሰናበተን፣ «ምን እንደተፈጠረ ገና አላወቅሁም። ሳጣራ እጽፍልዎታለሁ» አለችኝ።

«ምንም አልተፈጠረም፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

እጄን ጨብጣ ወደ ታክሲው ተመለሰች። ያን ጊዜ በጨዋነት ያለፈችው መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ የባለቤቴ ምርመራ በሰዓቱ ተከናወነ፤ ለሚያዝያም ተቀጠረች። ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ስለ ጉዞው ብዙ አወራች፤ ስለ ክፍሉ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ለልጄ የነገርኋት እኔ ነኝ፤ እርሷም «ያጋጥማል፣ አባዬ» አለችኝ። በዚያው ምሽት የቀጠሮ ካርዶቹን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ቃል ቃል ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጋዜጣ ሳነብ አንዱን ዐረፍተ ነገር ደግሜ ደግሜ አነብ ነበር፤ ገብቶኝ እንደሆነ ለማረጋገጥ።

ደብዳቤው የመጣው በልጄ ቴሌግራም ነው፤ ክፍሉን ስይዝ የሰጠሁት ሁለተኛ ቁጥር የእርሷ ስለነበር። ልጄ በመሥሪያ ቤቷ አትማው መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፊቴ አስቀመጠችውና፣ «አንብበው» ብላ ቆመች።

የተቋማትን ይቅርታ አውቀዋለሁ። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን ስንት ጊዜ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ፤ መጉላላቱን ማን እንደፈጠረው ግን ወረቀቱ ነግሮኝ አያውቅም። ይህ ሌላ ነበር። «ጉዳዩ፦ የያዙት ክፍል ለሌላ እንግዳም በመሰጠቱ ይቅርታ ስለመጠየቅ» ይላል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል። የተወሰነውን እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«በዕለቱ ሠራተኛችን ያዘዙት ለጥር ዐሥራ አምስት እንደሆነ ነግሮዎታል። ይህ ስሕተት ነው። ሳጣራ በዚያው ወር በስልክ ክፍል ከያዙ እንግዶች መካከል ሌሎችም ‹አንድ ቀን ዘገያችሁ› እንደተባሉ አገኘሁ። የተለያዩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ አቅጣጫ ሊሳሳቱ አይችሉም። ኮምፒውተራችን የሚሠራው በፈረንጆች ቀን ነው። በስልክ የሚነገረንን የጥር ቀን ስንመዘግብ ስምንት እንደምራለን። ዘንድሮ ግን ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች መደመር የነበረበት ዘጠኝ ነው። የእርስዎ ክፍል በዚህ ምክንያት በአንድ ቀን ቀድሞ ተመዘገበ፤ ትክክለኛው ሌሊት ባዶ መስሎ ስለታየ በኢንተርኔት ለሌላ እንግዳ ተሰጠ። ስምንት የመደመሩን ልማድ ለሠራተኞቹ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

«ሌላም ጥፋት አለብን። በጥር ዐሥራ አምስት ሳይመጡ ሲቀሩ አልደወልንልዎትም። ደውለን ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ባለቤትዎ መንገድ ሳይጀምሩ ይታወቅ ነበር። አሁን በስልክ የሚይዝ እንግዳ ሁሉ ቀኑን ከነዕለቱ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ብሎ፣ እንዲነግረን እንጠይቃለን፤ በዋዜማውም እንደውላለን።

«በመጨረሻም፣ በዕለቱ ‹ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል› ብለው እኛን ይቅርታ ጠይቀውናል። ያ ይቅርታ የእርስዎ ዕዳ አልነበረም፤ ስለዚህ እመልስልዎታለሁ። እርስዎ ቀኑን በትክክል ነግረውናል።»

ቀጥሎ ለሚያዝያው ቀጠሮ የምድር ቤቱን ክፍል ከፈለግን በራሷ ኃላፊነት እንደምትይዝልን፣ ወደ ሌላ ቦታ ብንሄድ ደግሞ እንደማትቀየመን ይገልጻል። ፊርማው ከታች ነው።

ሰው አጥፍቶ ጥፋቱን ሲያምን አይቻለሁ። ተበዳዩ ያላወቀውን ሁለተኛ ጥፋት ፈልጎ፣ ቆፍሮ፣ በፊርማው ሲያቀርብለት ግን ከዚህ በፊት ማየቴን አላስታውስም፤ አይቼ ረስቼውም ይሆናል። ጥፋቱን በወጣቱ ላይ መጣል ትችል ነበር፤ ኮምፒውተሩን የነካው የእርሱ ጣት ነውና። እንዲያውም ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ እኔ ራሴ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜላት ወጥቻለሁ። ባሕረ ሐሳብ ያውቃል የምባለው ሰውዬ ያላሰብሁትን የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እርሷ አሰበችው። በዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ በእንግዳ መቀበያ ፊት ቆሞ በለሆሳስ የተናገረውን ከወጣቱ ሰምታ፣ ከቁምነገር ቈጥራ ያዘችው።

ባለቤቴ ደብዳቤውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አንብቤ ስጨርስ፣ «እኔማ ያን ቀንም ተሳስተሃል አላልሁም» አለች።

«ዝም ብለሽ አየሽኝ እኮ።»

«ያየሁህ ይቅርታ ለምን እንደምትጠይቅ ስላልገባኝ ነው፤ አንተ ሰውዬ ደግሞ ዝምታ ሁሉ ፈተና ይመስልሃል።»

እንዲህ ማለቷን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዛሬ ስጠይቃት «እኔ? አላልሁም» ትላለች። የመድኃኒቱም የጎረቤቱም ልጅ ነገር እውነት ነው፤ ደብዳቤው እርሱን አልሰረዘውም። መድኃኒቴን አሁንም ልጄ ናት የምትሰጠኝ፤ ያ ደግሞ ተገቢ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ ግን ልጄ የቀጠሮ ካርዱን ከመሳቢያዋ አውጥታ አጠገቤ አስቀመጠች፤ ስልኩንም አቀበለችኝ። «ጉለሌ አንተ ደውል» አለች።

ደወልሁ። ያነሣው ያው ወጣት ነበር። ስሜን ስነግረው፣ «አባባ፣ ቀኑን ከነዕለቱ ይንገሩኝ» አለ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ካርዱን ሳልመለከት ነገርሁት። እርሷም ካርዱን አላነሣችውም።