ከመቶ ሃምሳኛው ካርድ ወዲህና ወዲያ

እትዬ ነጥብ የሚባሉት ሴት «አልሰጥም» ያሉት አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ሦስት መቶ የካርድ ቁጥሮች በተርታ ከመጻፋቸው በቀር ዓይን የሚስብ ነገር አልነበረውም። ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በትሕትና፣ የማሽኑ ድርጅት መሐንዲስ በፈገግታ፣ የገዛ እኅታቸው ልጅ በእንባ ለምነዋቸው፣ ሦስቱንም ባዶ እጃቸውን መለሷቸው።

እኚህ ሴት በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ገና በጽሕፈት መኪና ዘመን ነው። አንድ ሐኪም የመድኃኒት ማዘዣ በችኮላ ሲጽፍ በሁለትና በአምስት መካከል መግባት የነበረባትን ነጥብ ረሳት፤ ሁለት ተኩል የነበረው ሃያ አምስት ሆነ። ወጣቷ ጸሐፊ ወረቀቱን ይዛ ሦስት ፎቅ ወጣች፤ ሐኪሙ ከስብሰባ እስኪወጣም በር ላይ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ለአንዲት ነጥብ ነው ይህ ሁሉ?» ቢላት፣ «ነጥቧን መድኃኒቱን ለሚጠጣው ይንገሩት» አለችው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ነጥብ ሆነው ቀሩ። በዕድሜ ላይ እትዬ ተጨመረ እንጂ ነጥቧ አልተነቀነቀችም።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። በጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። በብረት መደርደሪያዎቹ ላይ ስድሳ ሺህ የሕሙማን ካርዶች ተደርድረዋል፤ ታችኞቹ ረድፎች እርጥበት ነክቷቸው አብጠዋል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስድስት ሳጥኖች አሉ፦ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ጾታ፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ በመጨረሻም ለሕመምተኛው የማይስማማ መድኃኒት።

ሆስፒታሉ ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ካርዱ በስካነር ፎቶ ይነሣል፤ ማሽኑ የእጅ ጽሑፉን አንብቦ በየሳጥኑ ያለውን ያወጣል። ማሽኑ ካወጣው ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ትክክል ከሆነ ሥራው ይጸድቃል፤ በጸደቀ በሳምንቱም ካርዶቹ ተፈጭተው ክፍሉ ለራጅ ምርመራ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ የካርዱን ፊት ዳግመኛ የሚያይ አይኖርም። እትዬ ነጥብን እንቅልፍ የነሣቸው ይህ ነበር።

ልኬቱን የማካሄድ ኃላፊነት የተሰጠው ለእርሳቸው ነው። ከስድሳው ሺህ ካርዶች ሦስት መቶውን በዕጣ አወጡ፤ ዕጣው በወጣበት ተራም ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ቁጥር ሰጧቸው። ከድርጅቱ ሰዎች የትኞቹ ካርዶች እንደ ወጡ ማንም እንዳያውቅ ዝርዝሩን ከመሳቢያ ቆለፉበት። ሦስቱ መቶ ካርዶች በእጅ ይተየባሉ፤ ከዚያም ማሽኑ ካወጣው ጋር ሳጥን በሳጥን ይነጻጸራሉ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ሃምሳ ራሳቸው ተየቡ። የቀሩትን ለእኅታቸው ልጅ ሰጡ፤ ልጅቷን ከስድስት ወር በፊት ያስቀጠሯት እርሳቸው ናቸው።

መሐንዲሱ ውጤቱን ለመስማት ላፕቶፑን አቅፎ ወረደ። «እማማ፣ እንዴት ነን?» አላቸው።

«እማማህ ቤት ናት። ተቀመጥ።»

ሳቀና ተቀመጠ። እርሳቸውም ሠንጠረዡን አነበቡለት። ከሦስት መቶ ካርዶች በስም ዐሥር ስህተት፣ በትውልድ ዘመን ሦስት፣ በደም ዓይነት ሦስት፣ በማይስማማ መድኃኒት ዐሥራ ሁለት፤ በጾታና በካርድ ቁጥር ምንም። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሳጥኖች የተሳሳቱት ሃያ ስምንት ናቸው።

«ዘጠና ስምንት ነጥብ አራት! አለፍን ማለት ነው» አለ መሐንዲሱ፤ ከወንበሩም ብድግ አለ።

«ማን አለፋችሁ አለ? ገና ቈጠርሁልህ እንጂ።»

ከሄደ በኋላ ስህተት የተገኘባቸውን ካርዶች በተራ ቁጥራቸው ደረደሩ። አራት፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ዘጠኝ እያለ እስከ መቶ አርባ ስምንት ሄደ። ከዚያ ባዶ። ከዚያ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት፣ እሱም ብቻውን። ከሃያ ስምንቱ ስህተት ሃያ ሰባቱ ከመቶ ሃምሳ ወዲህ፣ አንዱ ብቻ ከመቶ ሃምሳ ወዲያ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት። ካርዶቹ በዕጣ የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ከሁለተኛው የሚብስበት ምክንያት የለም። ማሽኑ መቶ ሃምሳኛው ካርድ ላይ ሲደርስ ዓይኑ በራለት?

የመጀመሪያው ጥርጣሬያቸው በመሐንዲሱ ላይ ወደቀ። ስቆ የሚገባ፣ ስቆ የሚወጣ ሰው ነው፤ የመሳቢያውን ቁልፍ አንድ ጊዜ በዓይኑ ሲያየው ይዘውታል። የተየቡትን አግኝቶ የማሽኑን ውጤት በእሱ አስተካክሎት ይሆን? ቁልፉ ግን ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ቀኖቹንም አመሳከሩ። የማሽኑ ውጤት ታሽጎ የደረሳቸው ሰኞ ነው። እርሳቸው ድርሻቸውን ከዚያ በፊት ጨርሰዋል፤ ልጅቷ ግን ታማ ስለ ሰነበተች የእርሷን የተየበችው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ሰኞ የታሸገ ነገር ረቡዕ ከተተየበ ሊገለብጥ አይችልም። የተገላቢጦሹ ግን ይቻላል።

ይህ ሐሳብ ሲመጣባቸው ደስ አላላቸውም። ተነሥተው ከመደርደሪያው መቶ ሰማንያ ሰባተኛውን ካርድ አወጡ። የመድኃኒቱ ሳጥን ባዶ ነው። በካርዱ ጠርዝ ግን፣ ከላይ ወደ ታች፣ በቀይ ቀለም «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ተብሎ ተጽፏል። የድሮ ነርሶች ሳጥኑ ስለሚጠባቸው ማስጠንቀቂያውን ከዳር መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ማሽኑ ከሳጥኑ ውጭ አላየምና ባዶ ብሎታል። ልጅቷም ባዶ ብላዋለች። ሁለት መቶ አራተኛውም እንደዚያው፤ ሁለት መቶ ስድሳኛውም እንደዚያው።

ልጅቷን ጠሯት።

«ካርዱን እያየሽ ነው የተየብሽው?»

«አዎ አክስቴ፣ እያየሁ ነው።»

«ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ጣቶቿን አቆላለፈች። «እያየሁ ነው… ግን የማሽኑን ፋይል ከፍቼ ነው። እሱ የሞላውን ከካርዱ ጋር እያስተያየሁ፣ የተሳሳተውን አርም ነበር። ከባዶ ከመጀመር ይፈጥናል ብዬ። ምን ልዩነት አለው? ያው ስህተቱን ካረምሁት!»

«አንድ ብቻ ነው ያረምሽው።»

«ሌላ አላየሁማ!»

«አታዪማ! ሰው የተጣመመ ነገር ሲያይ ያቀናል፤ የጎደለውን ግን ማን አስታውሶት ይፈልጋል? ባዶውን ሳጥን ባዶ አልሽው፣ አለፍሽ። ማሽኑን ልንመዝንበት ያዘጋጀነውን ሚዛን ራሱን ማሽኑን አስሠራሽው እኮ፣ ልጄ!»

ልጅቷ አለቀሰች። «ልታስባርሪኝ ነው?»

ጥፋቱ የእትዬ ነጥብም ነበረ፤ የማሽኑን ፋይል ልጅቷ በምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጡት እርሳቸው ናቸው። ኮምፒውተሩን ከመረቡ ነቀሉ፤ ሁለተኛውን መቶ ሃምሳ ካርድ ከወረቀቱ ብቻ፣ ከባዶ ገጽ ጀምረው፣ በሁለት ቀን ተየቡት።

አዲሱ ሠንጠረዥ እንዲህ አለ። በስም ዐሥራ ሰባት ስህተት፤ ከመቶ አምስት ነጥብ ሰባት። በትውልድ ዘመን ስምንት፤ ከመቶ ሁለት ነጥብ ሰባት። በደም ዓይነት አምስት፤ ከመቶ አንድ ነጥብ ሰባት። በማይስማማ መድኃኒት ሃያ ስድስት፤ ከመቶ ስምንት ነጥብ ሰባት። ጠቅላላው ትክክል ከመቶ ዘጠና ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ፤ ከውሉ በታች።

በዚህም አልበቃቸውም። ከሦስቱ መቶ ካርዶች የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ያለባቸው ስንት እንደ ሆኑ ቈጠሩ፤ አርባ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁለት መቶ ስድሳ ባዶዎች ናቸው፤ ባዶውን ባዶ ማለት ደግሞ ለማሽኑ እንደ ትክክል ተቈጥሮለታል። እንግዲህ ማሽኑ ሊያነበው የሚገባ ነገር ካለባቸው አርባ ካርዶች ሃያ ስድስቱን ስቷል፤ ከመቶ ስድሳ አምስት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከሠንጠረዡ ግርጌ ለብቻው ጻፉትና ከሥሩ አሰመሩበት። በስድሳው ሺህ ቢሰላ በግምት አምስት ሺህ ሁለት መቶ ማስጠንቀቂያ ከካርዱ ጋር ሊፈጭ ነበር።

እትዬ ነጥብ በዳይሬክተሩ ቢሮ ከመሐንዲሱ ጋር ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ልጅቷ የፈጸመችው በስሟ፣ እትዬ ነጥብ ያጠፉትም በስማቸው ተጽፏል።

«ይህ ሁሉ ሠንጠረዥ ለምን አስፈለገ፣ እትዬ? አንድ ቁጥር ይበቃን ነበር።»

«በአንዱ ቁጥር ውስጥ ጾታና መድኃኒት እኩል ናቸው፣ ጌታዬ። ሰው ግን በጾታው ሳጥን ስህተት አይሞትም።»

መሐንዲሱ ጣልቃ ገባ። ፈገግታው አልጠፋም። «እኛ አንክድም፤ ስህተት አለ። የካርዶቹን ዝርዝር ይስጡኝ፤ በሦስት ቀን አርሜ እመልሳለሁ። እንደገና ይለኩት፤ መቶ ከመቶ ባይሆን እኔን ይያዙኝ።»

«እሱንማ አልጠራጠርም» አሉ እትዬ ነጥብ። «ምክንያቱን ነግሬሃለሁ፤ ቀዩ ጽሑፍ ከዳር ነው። መማሪያ የሚሆኑህ ሌሎች ሃምሳ ካርዶችም አውጥቼልሃለሁ፤ ከሦስቱ መቶ ውጭ ናቸው። ከእነሱ ተማር።»

«እማማ፣ እኔን ሌባ አደረጉኝ እኮ!»

«ሌባማ ብልህ ፖሊስ እጠራ ነበር። ተማሪ ነህ፤ ተማሪ ደግሞ የፈተናው መልስ አይሰጠውም።»

ዳይሬክተሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት። የራጅ መሣሪያው መጥቶ እንደ ታሸገ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ዝርዝሩን ይስጡትና እንጨርስ። የልጅቱን ነገር እኔ ከሪፖርቱ አወጣዋለሁ፤ ሥራዋም አይነካም። አለዚያ ግን እንዲህ ተጽፎ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። አስበውበት ይመልሱልኝ።»

ልጅቷ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በሩም በደንብ ስላልተዘጋ «ስጪያቸው፣ አክስቴ!» እያለች ስታለቅስ ተሰማ። እትዬ ነጥብ ወደ በሩ አንድ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም የአንገታቸውን ቁልፍ በመዳፋቸው ይዘው እንዲህ አሉ፦

«አስቤበታለሁ፤ ዝርዝሩን አልሰጥም። ይህ ሰው ዝርዝሩን ቢያገኝ የሚያርመው ሃያ ስድስት ሰው ነው፤ እኔ የምጨነቀው ዕጣ ላልወጣላቸው ለአምስት ሺዎቹ ነው። የልጅቱም ስም ከሪፖርቱ አይወጣም፤ ያጠፋችው ተጽፎ ይቀጣት፣ እኔም ከጎኗ ተጽፌያለሁና አብራችሁ ቅጡኝ፤ ብትባረርም ቤቴ ትመጣለች፣ ከባዶ ገጽ መተየብ አስተምራታለሁ። ማሽኑን ያርም፤ ሲጨርስ ሌላ ሦስት መቶ በዕጣ አወጣለሁ፣ እነዚያንም አልሰጥም። እስከዚያ ከመደርደሪያዬ አንድ ካርድ አይነሣም፤ ራጁ ግቢ ከሚውል ሌላ ክፍል ፈልጉለት።»